የሕሙማን ቃል ወደ ጭብጥ የሚደርስበት መንገድ
(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር)



በመምህራን ማሠልጠኛ የሚማር ወጣት የጥናት ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ መጠይቅ በትኖ መልሱን በመቶኛ ያሰላል። ቈጠራ የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ የማይመልሰውም አለ። የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ስንቱ መድኃኒቱን እንደሚያቋርጥ ለማወቅ መቍጠር ይበቃል። ሐኪም የነገራቸውን አሳምረው እያወቁ ስለ ምን እንደማይፈጽሙት ለማወቅ ግን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፥ የተናገሩትንም ቃል በቃል ጽፎ መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ ምርመራ ነው፤ ስሙም ጭብጣዊ ትንተና ይባላል።

ይህን የምርመራ ስልት ብዙዎች ሲሠሩበት ቢቈዩም፥ እንዴት እንደ ሠሩት የሚያስረዱት ጥቂቶች ነበሩ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ የተባሉ፥ አንደኛይቱ በኒውዚላንድ ሁለተኛይቱ በእንግሊዝ አገር የሚያስተምሩ የሥነ ልቡና ምሁራን፥ ሥራውን በ6 ደረጃ ከፍለው አስረዱ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) አጥኚው በመጀመሪያ የተጻፈውን ቃል ደጋግሞ ያነባል፤ ቀጥሎ ለየአንቀጹ ኮድ ይሰጣል፤ ከዚያም ኮዶቹን ሰብስቦ ጊዜያዊ ጭብጦች ይመሠርታል፤ አራተኛ ጭብጦቹን ከመጀመሪያው ቃል ጋር ያመሳክራል፤ አምስተኛ ለእያንዳንዱ ወሰንና ስም ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም ይጽፋል። ደረጃዎቹ እንደ መሰላል አንድ ጊዜ ወጥተው የሚተዉአቸው አይደሉም። አራተኛው ላይ የደረሰ ሰው ወደ ሁለተኛው መመለሱ የተለመደ ነው።

እነዚህን ስድስት ደረጃዎች በቃል ማጥናት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ሕመምተኛው ከተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ተነሥቶ አጥኚው እስከሚያቀርበው ሐሳብ ድረስ ያለውን መንገድ ሳያቋርጡ መጓዝ ነው። ስለዚህ መንገዱን በአንድ ምሳሌ መከተል ይሻላል።

ምሳሌው የሚሆነው ከጎረቤታችን ከኬንያ፥ በናይሮቢ ከተማ በካሳራኒ ነው። ካሳራኒ ከከተማው መካከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ በ1987 የተከፈተው ታላቅ የስፖርት ስፍራ የሚገኝበት፥ እንደ ምዊኪ ያሉ ሰፈሮችን የሚያጠቃልል ሰፊ አካባቢ ነው። ሰዎቹ በገበያ ስዋሂሊ፥ በቤታቸው ኪኩዩን የመሰለ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን፥ በመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ምሳሌው ከዚህ ስፍራ የተወሰደበት ምክንያት በራስ ቋንቋ ሲነገር ሳይታይ የሚያልፈው ችግር በጎረቤት ቋንቋ ሲነገር ጐልቶ ስለሚታይ ነው። ተናጋሪዎቹ ለማስተማሪያ የተቀረጹ ናቸው እንጂ በስም የሚታወቁ ሕሙማን አይደሉም። ዐሥራ ሁለት ጐልማሶች ናቸው እንበል፤ ሁሉም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው፥ ይህንንም ካወቁ ከአንድ ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ስለ ምግብ የተነገራቸውን ምክር በቤታቸው እንዴት ይፈጽሙታል?

በመጀመሪያ የቃሉ ግልባጭ ይዘጋጃል። አንድ ሰዓት የተቀዳ ንግግር በጥንቃቄ ለመጻፍ ከ4 ሰዓት የማያንስ ጊዜ ይወስዳል። መሥመሮቹ ተራ ቍጥር ይሰጣቸዋል፤ ሣቅና ዝምታም በቅንፍ ይመዘገባሉ። የተናጋሪው ስም በምልክት ይተካል። በአንድ ሰፈር ውስጥ ግን ስም ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የሚሸጠው ዕቃ፥ የልጆቹ ብዛትና የሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን አንድ ላይ ቢጻፉ ሰውየውን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።

ትርጕም የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። በስዋሂሊ ሕመምተኛው «ሱካሪ ኢሜፓንዳ» ይላል፤ «ስኳር ወጣ» ማለቱ ነው። ይህን «በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ጨመረ» ብሎ የሚተረጕም ሰው የሕመምተኛውን ቃል በሐኪም ቃል ለወጠው ማለት ነው። ሰውየው የተናገረው በመሣሪያ ስለ ተለካ መጠን ይሁን፥ በሰውነቱ ስለ ተሰማው መድከም፥ ወይም በሽታው ራሱ ስለ መነሣቱ ገና አልታወቀም። በአማርኛም «ስኳር አለብኝ»፥ «ስኳሬ ከፍ አለ» ሲባል አንዱ ቃል ለበሽታው፥ ለመጠኑና ለምግቡ ያገለግላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቃል በግልባጩ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ ትርጕሙም በጎኑ ይጻፋል። ኮድ የሚሰጠውም የመጀመሪያውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ከግልባጩ አንድ አንቀጽ እንይ። ተናጋሪዋ በመንገድ ዳር አትክልት የሚሸጡ የ48 ዓመት እናት ናቸው፤ ንግግራቸው ከ41ኛው እስከ 47ኛው መሥመር ይገኛል።

«ሐኪሙ የነገረኝን አውቀዋለሁ። ኡጋሊው ይነስ፥ አትክልቱ ይብዛ ብሎኛል። አትክልት የምሸጥ ሴት ይህ ይጠፋኛል? (ሣቅ) ማታ ግን ሁላችንም አብረን ለመብላት እንቀመጣለን። ለብቻዬ ትንሽ ባነሣ ትንሹ ልጄ ‹እማዬ፥ ዛሬም አመመሽ?› ይለኛል። ስለዚህ እንደ እነርሱ እበላለሁ። ከተኙ በኋላ በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እመላለሳለሁ። (ዝምታ) አሁንማ ለምጄዋለሁ።»

ጀማሪ አጥኚ ለዚህ አንቀጽ «አመጋገብ»፥ «ቤተሰብ»፥ «የአካል እንቅስቃሴ» የሚሉ ኮዶች ይሰጣል። እነዚህ ስሕተት አይደሉም፤ ነገር ግን ባዶ ናቸው። ኮድ ብቁ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። አንቀጹን በወረቀት ሸፍኖ ኮዱን ብቻ ማንበብ ነው። ኮዱ ተናጋሪዋ ምን እንዳሉ ካስታወሰ ሥራውን ሠርቷል፤ ስለ ምን እንደ ተናገሩ ብቻ ካስታወሰ ገና አልሠራም። «አመጋገብ» የሚለው ቃል በዐሥራ ሁለቱም ግልባጮች ውስጥ በየገጹ ሊለጠፍ ይችላል፤ ስለዚህም ምንም አይለይም።

የተሻሉት ኮዶች እንዲህ ያሉ ናቸው። ለ41ኛውና ለ42ኛው መሥመር «ምክሩን ያውቃሉ»፤ ለሣቁና ለጥያቄው «አታውቂም መባልን ይቃወማሉ»፤ ለሕፃኑ ቃል «አነስ አድርጎ መብላት ሕመምን ይገልጣል»፤ ቀጥሎ «ልጅን ላለማስፈራት እኩል ይበላሉ»፤ በመጨረሻም «የበሉትን በሌሊት በስውር ያካክሳሉ»። አንዱ አንቀጽ አምስት ኮድ ማግኘቱ ነውር የለበትም። ከሁሉ የከፋው ኮድ ግን በአንቀጹ ውስጥ የሌለውን የሚጨምር ነው። ብዙ አጥኚዎች ሕመምተኛው ምክሩን አለመፈጸሙን ሲያዩ «የዕውቀት ማነስ» ብለው ይጽፋሉ። እኚህ እናት ግን ማወቃቸውን በግልጥ ተናግረዋል፤ እንዲያውም ስቀውበታል። በዚህ ኮድ ላይ የተመሠረተ ጥናት ወደ ጤና ጣቢያው ሲደርስ የሚያስከትለው ምክር «ትምህርት ይጨመርላቸው» የሚል ይሆናል። ችግራቸው የማታው ገበታ የሆነ ሰዎች የሚያውቁትን ትምህርት ደግመው ለመስማት ተሰልፈው ይውላሉ ማለት ነው። የአንድ ኮድ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

«ለምጄዋለሁ» የሚለው የመጨረሻው ቃል ደግሞ ለብቻው ይታይ። በስዋሂሊ «ኒሜዞኤያ» ይባላል፤ እንደ አማርኛው ሁሉ ሁለት ፊት አለው። ሰው ሥራን ሲለምድ ችሎታ አገኘ ይባላል፤ ጭንቀትን ሲለምድ ደግሞ ተስፋ ቈረጠ ማለት ሊሆን ይችላል። ቃሉ በአምስት ሰዎች ንግግር ውስጥ ተገኘ እንበል። ቸኵሎ «ከበሽታው ጋር መላመድ» የሚል አንድ ጭብጥ ማቆም ያምራል፤ ነገር ግን የቃሉን ግራና ቀኝ ማየት ይገባል። በሁለቱ ዘንድ ቃሉ የመጣው መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት እንዴት እንደሚያስታውሱ ከተናገሩ በኋላ ነው። በሦስቱ ዘንድ ግን፥ እንደ አትክልት ሻጯ፥ ከዝምታ በኋላ ነው። እንግዲህ ኮዱ ለሁለት ይከፈላል። ዝምታ የተመዘገበበት ግልባጭ ባይኖር ኖሮ ይህ ልዩነት ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ኮድ አሰጣጡ አንድ ዙር ብቻ ሊሆን አይገባውም። «በስውር ያካክሳሉ» የሚለው ኮድ የተወለደው በሰባተኛው ግልባጭ ላይ ከሆነ፥ በፊተኞቹ ስድስት ውስጥ ማንም አልፈለገውም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ከዐሥራ ሁለተኛው ግልባጭ ጀምሮ ወደ አንደኛው ቢሄድ መልካም ነው፤ በመጨረሻ የተገኙት ኮዶች ወደ መጀመሪያዎቹ ሰዎች ቃል ይደርሳሉ፤ አጥኚውም በመድከሙ የዘለለውን ያገኛል።

ከኮድ ወደ ጭብጥ ሲሻገሩ የሚያጋጥመው ወጥመድ ጭብጥን ከቅርጫት ጋር ማምታታት ነው። «ቤተሰብ» ብሎ ቤተሰብን የሚነካውን ሁሉ መሰብሰብ ቅርጫት መሙላት ነው። ጭብጥ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገርና ሌላ ሰው «አይደለም» ብሎ ሊከራከርበት የሚችል ሐሳብ ነው። ከላይ ከተሰጡት ኮዶች በመጀመሪያ የሚገኘው ሐሳብ እንዲህ ይሆናል፤ «ሕሙማኑ ምክሩን የሚተላለፉት ቤተሰባቸውን ላለማስጨነቅ ነው።» ይህ ሊከራከሩበት የሚቻል ስለ ሆነ ከቅርጫት ይሻላል።

ነገር ግን አራተኛው ደረጃ ይቀራል። ሐሳቡ ከዐሥራ ሁለቱም ግልባጮች ጋር ይመሳከራል፤ የሚደግፈውን ብቻ ሳይሆን የሚያፈርሰውንም ሆን ብሎ መፈለግ ነው። ሰባቱ ሰዎች በልዩ ልዩ ቃል ይደግፉታል። ከቀሩት መካከል ሦስት ሰዎች ግን ያስቸግራሉ። አንደኛው ማታቱ የሚነዱ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው የቤቱን ሁሉ ምግብ ስለ ለወጡት በቤታቸው ምክሩን ያለ ችግር ይፈጽማሉ። ሁለተኛው ሚስታቸው የሞቱባቸው ብቸኛ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያስጨንቁት ቤተሰብ የላቸውም፤ ሆኖም በመንገድ ዳር ምግብ ቤት የቀረበላቸውን ስለሚበሉ ምክሩን አይፈጽሙም። ሦስተኛዋ ከቢሮ ሥራ ጡረታ የወጡ እመቤት ናቸው፤ በብዙ ሰው መካከል ተቀምጠው የራሳቸውን ምግብ ለብቻ ለክተው ይበላሉ፤ ቤተሰቡም ለምዶታል።

ለሐሳቡ የማይመቹትን ሰዎች መሸሸግ ጥናቱን ያበላሸዋል። አጥኚው ወደ ኮዶቹ ይመለሳል፤ በሾፌሩም፥ በሽማግሌውም፥ በአትክልት ሻጯም ዘንድ የጋራ የሆነውን ይጠይቃል። የሦስቱም ነገር የተወሰነው ምግቡን በሚያዘጋጀውና አብሮ በሚበላው ሰው እንጂ በሕመምተኛው ብቻ አይደለም። የፊተኛው ሐሳብ ጭንቀትን ብቻ ይዞ ነበር፤ ጭንቀት ግን ከነገሩ አንዱ ክፍል ነው። እንግዲህ ጭብጡ ይሰፋል፤ «ምክሩ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ገበታው ግን የብዙ ሰው ነው።» ስሙም «ገበታው የጋራ፥ ትእዛዙ የግል» ሊባል ይችላል። ጡረተኛዋ እመቤት አሁንም ከዚህ ውጪ ናቸው። እርሳቸውን በግድ ማስገባት አያስፈልግም፤ በጽሑፉ ውስጥ በግልጥ ይጠቀሳሉ። በሽታቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቤተሰቡ እንደ ነገሩ መናገራቸውም ይጻፋል፤ የጭብጡን ወሰን የሚያሳዩት እርሳቸው ናቸውና።

በመጨረሻ የተአማኒነት ጥያቄ ይመጣል። ሊንከንና ጉባ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በ1985 ባወጡት መጽሐፍ፥ እንዲህ ያለ ጥናት በቍጥር ጥናት መለኪያ ብቻ ሊመዘን እንደማይገባው አስረድተዋል፤ ከመለኪያዎቻቸውም አንዱ ሌላ ሰው የአጥኚውን የሥራ መዝገብ ተከትሎ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ለማየት መቻሉ ነው። በካሳራኒው ምሳሌ መዝገቡ ውስጥ «ቤተሰብን ላለማስጨነቅ» የሚለው ሐሳብ በየትኛው ቀን፥ በየትኛው ግልባጭ ምክንያት እንደ ተለወጠ መጻፍ አለበት። ያለዚህ መዝገብ የተለወጠው ጭብጥ ከመጀመሪያው እንደዚያ የነበረ ይመስላል።

በዚህ ስፍራ ሦስት የተለመዱ መሸፈኛዎች አሉ። የመጀመሪያው የ12 ቍጥር ነው። ጌስትና ባልደረቦቹ በ2006 በጋናና በናይጄሪያ የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን መርምረው፥ አብዛኞቹ ኮዶች በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ መገኘታቸውን ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች «12 ሰው ስላነጋገርሁ ምንም የቀረ የለም» ይላሉ። የነዚያ ተጠያቂዎች ኑሮ ግን የተቀራረበ፥ ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነበር። በካሳራኒ ነጋዴ፥ ሾፌርና ጡረተኛ ተደባልቀው ሲጠየቁ ዐሥራ ሦስተኛው ሰው አዲስ ነገር አይናገርም ማለት አይቻልም። ስለዚህ አጥኚው ቍጥሩን ሳይሆን እነማንን እንዳላነጋገረ መናገር ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው የሁለት ኮድ ሰጪዎች ስምምነት በቍጥር መገለጡ ነው። አስቀድሞ በተወሰነ የኮድ መዝገብ ለሚሠራ ቡድን ይህ ይጠቅማል። ብራውንና ክላርክ ግን የራሳቸውን መንገድ፥ በተለይም ከ2019 ወዲህ፥ አጥኚው የራሱን አስተያየት እየመረመረ የሚተረጕምበት መሆኑን አጥብቀው ስለ ገለጡ፥ የስምምነት ቍጥር ከዚህ ጋር አይስማማም። በዚህ መንገድ የሁለተኛው አንባቢ ጥቅም «ዝምታውን ለምን ተስፋ መቍረጥ አልኸው?» ብሎ መጠየቁ ነው። ሁለቱን መንገዶች አደባልቆ የሚጽፍ ሰው የትኛውን እንደ ተከተለ እንደማያውቅ ይታወቅበታል።

ሦስተኛው «ከመረጃው አራት ጭብጦች ብቅ አሉ» የሚለው አጻጻፍ ነው። ጭብጥ እንደ እንጉዳይ በራሱ አይበቅልም፤ የመረጠውና የሰየመው ሰው አለ። ያ ሰው ማን እንደ ሆነም መታወቅ አለበት። ጠያቂዋ የክሊኒኩ ነርስ ከሆነች፥ በክሊኒኩም ክፍል ውስጥ ከጠየቀች፥ ሕመምተኛው ምክሩን እንደሚፈጽም መናገሩ አያስደንቅም። በ2007 የወጣውና ኮሬክ የሚባለው የ32 ነጥቦች ዝርዝር የጠያቂውን ማንነት፥ ከተጠያቂው ጋር ያለውን ግንኙነትና የተጠየቀበትን ስፍራ እንዲጻፍ የሚያሳስበው ስለዚህ ነው። ዝርዝሩ ግን የተጻፈውን ያሟላል እንጂ ደካማ ትንተናን አያጠናክርም።

ውጤቱን ለሕሙማኑ መልሶ ማንበብም ይደረጋል። ሾፌሩ «ይህ የእኔ ቤት አይደለም» ቢሉ ጭብጡ ወደቀ ማለት አይደለም፤ ጭብጡ የብዙ ሰው ነገር ነውና። ቃላቸው ግን እንደ አዲስ መረጃ ተመዝግቦ ይመረመራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጻፈው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል። «ካነጋገርናቸው ሰዎች አብዛኞቹ ስለ ምግብ የተሰጣቸውን ምክር ያውቁታል። ምክሩ የሚሰናከለው ከሌሎች ጋር በሚበሉበት ጊዜ ነው። አንዲት አትክልት ሻጭ ለብቻቸው ቀንሰው ቢበሉ ልጃቸው ‹ዛሬም አመመሽ?› እንደሚላቸው ተናግረዋል። በእርሳቸው ቤት አነስ አድርጎ መብላት ሕመምን ማወጅ ነው። አንድ ሾፌር በአንጻሩ የቤቱ ሁሉ ምግብ በመለወጡ ችግር አልገጠማቸውም። አንዲት ጡረተኛ ግን በጋራ ገበታ ላይ ለብቻቸው ለውጠው ቈይተዋል።» በዚህ አንቀጽ ውስጥ አጥኚው በመጀመሪያ ሐሳቡን ይናገራል፤ ቃሉን ይጠቅሳል፤ ከጥቅሱ በኋላ ምን ማለት እንደ ሆነ ያስረዳል፤ የሚቃወመውንም አይሰውርም። ጥቅስ ደርድሮ ማብራሪያ የሚነፍግ ጽሑፍ ሥራውን ለአንባቢው ትቶታል፤ ማብራሪያ ሰጥቶ ጥቅስ የሚነፍግ ጽሑፍ ደግሞ እመኑኝ ብቻ ይላል።

እንዲህ ያለው ውጤት በኬንያ ስንት ሕመምተኛ በገበታ ምክንያት እንደሚቸገር አይናገርም፤ ዐሥራ ሁለት ሰው ይህን ሊናገር አይችልም። የሚናገረው ችግሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ክሊኒኩ ሕመምተኛውን ብቻ ከሚመክር ምግብ የሚያዘጋጀውንም ሰው ቢጠራ ምን እንደሚለወጥ ለመሞከር ይህ ይበቃዋል።

እንግዲህ የተማሪን የጥናት ጽሑፍ የሚያማክር መምህር ከጽሑፉ ማናቸውንም ዐረፍተ ነገር መርጦ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ሊል ይገባዋል። ተማሪው ከጭብጡ ወደ ኮዱ፥ ከኮዱ ወደ ግልባጩ 45ኛ መሥመር፥ ከመሥመሩም ወደ ሕፃኑ ቃል ሊመራው ከቻለ ጽሑፉ ይታመናል። መካከል ላይ መንገዱ ከጠፋበት ወደ ግልባጩ ይመለስ።